የፓስካል ውርርድ፦ እሺ እንመን፣ ግን በየትኛው?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ነገሩ የተነሳው ምሳ ላይ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባችን ማመን የሚያዋጣ ነገር እንደሆነ አስረዳን። እግዚአብሔር ካለ ዘላለምን ታተርፋለህ፣ ከሌለ ግን ብዙም አልከሰርክም። ሙስሊሙ ባልደረባችን ፈገግ አለና፣ ታዲያ በዚሁ ሒሳብ ለምን አትሰልምም ብሎ ጠየቀው። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ሽሮው ቀዘቀዘ።

ማታ ቤት ገብቼ መድረኩ ላይ ጻፍኩ። ክርክሩ የባልደረባዬ ፈጠራ አይደለም። የብሌዝ ፓስካል ነው፣ በ1623 ተወልዶ በ1662 የሞተው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፓስካል እንዲህ ይላል፦ እግዚአብሔር መኖር አለመኖሩን በአእምሮህ ልትወስን አትችልም። አልወራረድም ማለትም አትችልም፤ አንዴ ተሳፍረሃል። ስለዚህ የትኛው ወገን እንደሚያዋጣ አስላ። ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ ይህ ስሌት ለሁሉም ሃይማኖት እኩል የሚሠራ ከሆነ፣ ለማንም ይሠራል ማለት ይቻላል ወይ?

እስከ ዛሬ 23 መልስ መጥቷል። ብዙ ሰው ክሩን ከመሃል እየገባ ስለሚጠፋበት፣ ከላይ ጀምሬ በራሴ አባባል ላውጋችሁ።

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። ጸሐፊው ከባልደረባዬ ጋር ተስማማ። ነሐሴ ላይ ጃንጥላ ይዞ መውጣትን አመሳሰለው። ዝናብ ባይመጣ እጅህ ትንሽ ይደክማል እንጂ አትጎዳም።

2ኛው አልተስማማም። ሎተሪም እኮ ጥቂት አውጥተህ ብዙ የምታገኝበት ነው፣ ግን ደመወዙን በሙሉ ለሎተሪ የሚያወጣ ሰው ጅል ይባላል አለ። በዚያ ላይ ፓስካል ቁማርተኛ ስለነበር እግዚአብሔርንም ካርታ አደረገው ብሎ ጨመረበት። ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ አይደለም።

3ኛው መልስ ያስተካከለው እሱን ነው። የጻፉት የሒሳብ መምህር ናቸው። ጡረታ የወጡ ይመስለኛል፤ በክሩ ውስጥ ሁላችንም መምህር እያልን ነው የምንጠራቸው። ፓስካል በ1654 ከሌላው የሒሳብ ሊቅ ከፒየር ደ ፌርማ ጋር የተጻጻፈው ስለ ቁማር መሆኑን አስታወሱ። ሁለት ሰዎች ጀምረው ያቋረጡትን ጨዋታ ገንዘብ እንዴት ይካፈሉ የሚል ጥያቄ ነበር። የዕድል ሒሳብ የሚባለው ነገር መልክ የያዘው ያኔ ነው። ስለዚህ ሰውየው የቁማርን ሒሳብ ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ ሎተሪ እንደማያዋጣም አይጠፋውም።

ከዚያ በቲኬት አስረዱን። አንድ ቲኬት 20 ብር ነው እንበል። ሽልማቱ 10,000 ብር፣ የማሸነፍ ዕድሉ ከ1000 አንድ። ይህ ቲኬት በአማካይ የሚያወጣው 10 ብር ነው። 20 ከፍለህ 10 ከገዛህ ከስረሃል። ሽልማቱ 50,000 ቢሆን ግን ቲኬቱ 50 ብር ያወጣል፣ ግዛው። አሁን ሽልማቱን ማለቂያ የለሽ አድርገው። ዕድሉ ከሺህ አንድ ይሁን ከሚሊዮን አንድ ለውጥ የለውም፤ ዜሮ እስካልሆነ ድረስ የቲኬቱ ዋጋ ማለቂያ የለሽ ነው። 2ኛው ያነሳው ሎተሪ እዚህ ላይ ነው የሚለየው። የፓስካል ብልሃት እግዚአብሔር የመኖሩ ዕድል ስንት ነው ከሚለው ጭቅጭቅ መገላገሉ ነው።

4ኛው መልስ ከአውሮፓ ነው። ፍልስፍና የምታጠና ልጅ ናት፤ በጣም አንብባለች፣ ያነበበችውንም ለማሳየት አታፍርም። መምህርን በአክብሮት አመስግና የቀረውን አፈረሰችው። ዕድሉ ትንሽም ቢሆን ግድ የለም ካልን፣ ያ ለሁሉም አምላክ ይሠራል። የአንዱ ሃይማኖት ገነት ማለቂያ የለሽ ነው፣ የሌላውም እንዲሁ። ዕድላቸው ዜሮ ካልሆነ ሁለቱም ቲኬት እኩል ዋጋ አለው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴኒ ዲድሮ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያለውንም ጠቀሰች፦ አንድ ኢማምም ልክ እንደ ፓስካል ሊከራከር ይችላል።

እዚያ አላቆመችም። ሳንቲም እንወርውር አለች። ዘውድ ከወጣ አምናለሁ፣ ጎፈር ከወጣ አላምንም። የማለቂያ የለሽ ግማሹ ስንት ነው? ያው ማለቂያ የለሽ ነው። እንግዲህ ሳንቲም የሚወረውረው ሰውዬ ዛሬውኑ አምኖ ከተጠመቀው ጋር እኩል ነው ማለት ነው። አለን ሃጄክ የሚባል ፈላስፋ በ2003 ይህንን እስከ ጥግ ወስዶታል፦ ቢራ ልጠጣ ብሎ ተነስቶ በመንገድ ላይ ምናልባት ሊያምን የሚችለው ሰው እንኳ በዚያው ሒሳብ እኩል ዋጋ ያገኛል። ስለዚህ ስሌቱ እመን አይልህም። ምንም አድርግ ነው የሚልህ።

ይህ መልስ የክሩ ዋና ምሰሶ ነው ባይ ነኝ። ሰው ብዙ አማልክትን የሚያነሳው አማኝን ለማናደድ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከሒሳቡ ውስጥ ነው የሚመጣው። ፓስካልን ከዕድል ጭቅጭቅ ያወጣው ያ ማለቂያ የለሽ ሽልማት፣ መልሶ ልዩነትን ሁሉ ይውጠዋል።

5ኛዋ ጥያቄውን በሌላ መንገድ ተረዳችው፣ ደግነቱ። ወሎ ያደገች ናት። አባቷ ሙስሊም፣ እናቷ ክርስቲያን። የጠየቅነው የትኛውን ሃይማኖት ልምረጥ ብለን መስሏት ስለ ቤቷ ነገረችን። ሁለቱም በዓል ይከበራል። ሥጋው ግን ይለያያል፤ አባቷ የሙስሊም፣ እናቷ የክርስቲያን እየበሉ ሁለት ድስት ይጣዳል። ልጅ እያለች ሁለቱንም ጸሎት ታውቅ ነበር፣ ማናቸውም አልከለከሏትም። ታዲያ ሁለቱንም ቲኬት መግዛት አይቻልም ወይ ብላ ጠየቀች። የምሯን ነው።

6ኛው ተቆጣ። ሃይማኖት የስፖርት ቤቲንግ አይደለም፣ በሁለት ቡድን ላይ አይቆረጥም አለ። ሁለቱንም የያዘ ሁለቱንም ያጣል ብሎ ጻፈባት። አነጋገሩ ለአንዲት ሴት ስለ ወላጆቿ የሚጻፍ አልነበረም፤ ይህንንም በግል ነገርኩት።

7ኛው መልስ የ4ኛዋ ልጅ ነው። 6ኛውን ለስድቡ ገሠጸችው፣ ለነጥቡ ግን አመሰገነችው። ያለ 6ኛው አባባል ብዙ አማልክት የሚለው ተቃውሞ አይቆምም አለች። አማልክቱ ካልተፎካከሩ፣ አንዱን ያመነን ሌላው የማይቀጣ ከሆነ፣ ሁሉንም መያዝ ወይም አንዱን መያዝ ያው ነው፤ ፓስካል ይድናል። ስሌቱ የሚሰበረው እኔን ብቻ የሚል አምላክ ቢያንስ ሁለት ሲኖር ነው። የወሎዋ እህት ሳታውቀው የነካችው ይህንን ነው። አባትና እናቷ በአንድ ጣሪያ የሚኖሩት ምናልባት አንዳቸው ሌላውን ገሃነም ስላልላኩት ይሆናል።

8ኛው ደግሞ የራሱን ይዞ መጣ። የዛሬ ጥቂት ዓመት ገንዘብ አስቀምጡ፣ በየወሩ 30 በመቶ እንከፍላለን ለሚሉ ሰዎች መኪና ሊገዛበት ያጠራቀመውን አስረከበ። ስማቸውን ልጥቀስ ቢል እኔ ከለከልኩት። ያን ጊዜ ራሱን ያሳመነው ልክ በዚህ ስሌት ነበር፦ ውሸት ቢሆን የማጣው ይህን ብቻ ነው፣ እውነት ቢሆን ግን... አሁን የሚያስበው ሌላ ነው። የተስፋው ትልቅነት ራሱ ሊያስጠረጥረው ይገባ ነበር። ከርዕስ የወጣ መስሎኝ ልሰርዘው ነበር፤ እንኳን አልሰረዝኩት፣ ኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ከ9 እስከ 11 ያሉት ጠፍተው ሄዱ። አንዱ የእኛው ፈላስፋ ዘርዐ ያዕቆብ ይህንን ከፓስካል ጋር በአንድ ዘመን ብሎታል አለ። እውነትም ሐተታው ውስጥ ሁሉም የእኔ ሃይማኖት ብቻ ትክክል ነው እንደሚል፣ ታዲያ ማን እንደሚፈርድ ይጠይቃል። ሌላው ሐተታውን የጻፈው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ነው የሚለውን ክርክር አመጣ። ሦስተኛው ሰውዬ ይህን በንቀት ወሰደው። እንግዲህ ይህ የራሱ ክር ያስፈልገዋል፤ ወደዚያ ሸኘኋቸው። ብቻ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሐተታው ያን ጥያቄ ሲያነሳ ወደ ምርመራ ነው የሚሄደው፣ ወደ ውርርድ አይደለም።

12ኛው መልስ አጭርና ደስ የሚል ነው። ከገልፍ አገር የሚጽፍ፣ የሃይማኖት ትምህርት የተማረ ወንድም ነው። ዲድሮ ኢማምም ሊለው ይችላል ያለው በቀልድ መሆኑን አንስቶ፣ ኢማሙ ግን ቀድሞ ብሎታል አለ። የእስልምናው ሊቅ አል ገዛሊ በ1111 ነው የሞተው፣ ፓስካል ከመወለዱ ከ500 ዓመት በፊት። ዓሊ ለአንድ ከሃዲ ተናገሩት ተብሎ የሚወራውን ይጠቅሳል፦ አንተ ልክ ከሆንክ ሁለታችንም ምንም አንሆንም፣ እኛ ልክ ከሆንን ግን እኛ እንድናለን አንተ ትጎዳለህ። አሲን ፓላሲዮስ የሚባል ስፔናዊ ቄስ በ1920 ስለዚሁ የእስልምና ቀዳሚነት ጽፏል። ወንድማችን በዚህ ማንንም ለመርታት አልፈለገም። ያው ክርክር በሁለት ቤት እንደተወለደ ማወቁ ብቻ ደስ ብሎታል። ምሳ ላይ ለነበረው ባልደረባዬ አስተላለፍኩለት። እስካሁን አልመለሰልኝም።

13ኛው ላይ ነገሩ ጋለ። አንድ ወጣት የማያምን ነው፤ አንድ አምላክ ፈጠረ። ይህ አምላክ ማስረጃ ሳይኖራቸው ያመኑትን ሁሉ ይቀጣል፣ በሐቀኝነት የተጠራጠሩትን ደግሞ ገነት ያስገባል። ይህ አምላክ የመኖሩ ዕድል ዜሮ ነው ብላችሁ ማሉልኝ አለ። ካልማላችሁ የእኔም ቲኬት ማለቂያ የለሽ ነው። ቀጥሎም አማኞችን የነጋዴ ነፍስ ያላቸው አላቸው፤ ይህቺ ሐረግ ብዙ ዋጋ አስከፈለችን።

14ኛው በዚያው ቃና መለሰለት። አንተ ትናንት ማታ የፈለሰፍከውን አምላክ ሰዎች ሺህ ዓመት ከኖሩበት እምነት ጋር አታወዳድር አለው። ከስድቡ ስር ግን ጥሩ ነጥብ ነበረው። አሜሪካዊው ዊሊያም ጀምስ በ1896 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ምርጫ የሚባለው ለሰውየው ሕያው የሆነ ብቻ ነው ይላል። የሙስሊሞቹን ማህዲ እመን ቢባል የእሱ አድማጭ ልቡ ውስጥ ምንም አይንቀሳቀስም፤ ለዚያ ሰው ያ ምርጫ የሞተ ነው። ስለዚህ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ለነበረ ቁማርተኛ ምርጫው ሁለት ብቻ ነበር፣ የካቶሊክ እምነት ወይም ምንም። ፓስካል የሚያወራው ከእሱ ጋር ነው።

15ኛዋ የወሎዋ ናት። አንድ አንቀጽ ብቻ ጻፈች። ለጀምስ አድማጭ የሞተው ለእኔ አባቴ ነው አለች። ጠዋት ሶላት ሲሰግድ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ በሌላኛው ክፍል እናቴ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች። ሁለቱም ለእኔ ሕያው ናቸው። ፓሪስ ውስጥ ሁለት የነበረው ምርጫ ደሴ ሲደርስ ሦስት ሆነ ማለት ነው።

14ኛው ለዚህ መልስ አልነበረውም። በሐቀኝነት አልነበረኝም ብሎ ጻፈ፣ ይህም በመድረካችን ብርቅ ነው። እኔም አልነበረኝም። የተፈለሰፉትን አማልክት በሕያው ምርጫ ወንፊት ማጣራት ይቻላል፤ ጎረቤትህ የሚያመልከውን ግን ወንፊቱ አያስቀረውም።

16ኛው የመምህር ነው፣ ረጅሙ። ሁለት መውጫ መንገድ ሞከሩ። አንደኛው ጆርጅ ሽሌሲንገር የሚባል ፈላስፋ ያቀረበው ነው፦ ሽልማቶቹ እኩል ማለቂያ የለሽ ከሆኑ፣ የማግኘት ዕድሉ የሚበልጠውን ምረጥ። በጤናማ አእምሮ ማንም የሚቀበለው ነገር ነው። ሁለት ሎተሪ ተመሳሳይ ሽልማት ካላቸው ጥቂት ሰው የቆረጠበትን ትመርጣለህ። ሳንቲሙንም ይፈውሰዋል፤ ሙሉ ዕድል ከግማሽ ዕድል ይሻላል። ግን መምህር ራሳቸው ችግሩን አዩት። አሁን እንደገና የትኛው አምላክ የመኖሩ ዕድል ይበልጣል ወደሚለው ተመለስን። ፓስካል ከዚያ ሊያወጣን አልነበረም ወይ?

ሁለተኛው መንገድ ሽልማቱን ማለቂያ ያለው፣ ግን በጣም ትልቅ ማድረግ ነው። እዚህ በቁጥር ሠሩት። የመጀመሪያው አምላክ የመኖር ዕድሉ ከመቶ አንድ፣ ሽልማቱ አንድ ሚሊዮን። ቲኬቱ 10,000 ያወጣል። የሁለተኛው ዕድል ከሺህ አንድ፣ ሽልማቱ ግን 20 ሚሊዮን። ቲኬቱ 20,000 ያወጣል። አያችሁ ምን እንደሆነ? ዕድሉ በአሥር እጅ የሚያንሰው አሸነፈ፣ ቃል ስላበዛ ብቻ። በዚህ ሒሳብ ትልቁን ገነት የሚሰብክ ይረታል።

17ኛው መልስ የዚያ የ30 በመቶው ሰው ነው። እኔን የበሉኝ እኮ እንዲህ ነው አለ። ቃሉ ሲያድግ የመፈጸም ዕድሉ አብሮ መውረድ አለበት። መምህር ቁጥሩን አስተካከሉለት፦ የሁለተኛው ዕድል ከአራት ሺህ አንድ ቢሆን ቲኬቱ 5,000 ብቻ ያወጣል፣ የመጀመሪያው ይመለሳል። ግን ምን ያህል መውረድ እንዳለበት ማን ይነግረናል? የፍልስፍናዋ ልጅ ለሰው ቃል ያ ይሠራል አለች፤ አጭበርባሪ ቃል የሚያበዛበት ምክንያት አለው። ለአምላክ ቃል ይሠራ አይሠራ እንደማታውቅ ተናገረች። እዚህ ላይ ተቋጨ፣ ማለት ሳይቋጭ ቀረ።

18ኛው ዲያቆን ነኝ ያለ ሰው ነው፤ ሁላችንም ተሳስተናል ብሎ ጀመረ። እምነት እንደ ሸሚዝ አይለበስም፣ ስለዚህ አስልቶ ማመን የሚባል ነገር የለም አለ። ይህ ተቃውሞ የቆየ ነው፤ ፓስካልም ያውቀዋል። ማመን አልቻልኩም ለሚለው ሰው የሚሰጠው ምክር፣ ያመኑ ሰዎች እንደጀመሩት ጀምር፣ ጠበል ተረጭ፣ ቅዳሴ አስቀድስ የሚል ነው። ይህ ያሳምንሃል ይላል፤ ቀጥሎ የተጠቀመው ግስ ደግሞ በፈረንሳይኛው እንደ እንስሳ ያደርግሃል እንደማለት ነው። በ1670 ሐሳቦቹን ያሳተሙ ወዳጆቹ ያቺን ቃል አስቀርተዋታል።

ከዚያ ዲያቆኑ እኔ ያልጠበቅኩትን አመጣ። በዚያው በ1654፣ ከፌርማ ጋር በተጻጻፈበት ዓመት፣ ኖቬምበር 23 ሌሊት ፓስካል አንድ ነገር ደረሰበት። ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ እኩለ ሌሊት አለፍ ብሎ። በወረቀት ጻፈው፣ እሳት ብሎ። የአብርሃም አምላክ፣ የይስሐቅ አምላክ፣ የያዕቆብ አምላክ፣ የፈላስፎችና የሊቃውንት አይደለም አለ። ወረቀቱን ኮቱ ውስጥ ሰፍቶ ይዞት ኖረ፤ የተገኘው ከሞተ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰውየው ራሱ በውርርዱ አላመነም አለ ዲያቆኑ። ውርርዱ ለማያምን ወዳጁ በር ላይ የተቀመጠ ዱካ ነው እንጂ ቤቱ አይደለም።

አምኜበታለሁ፣ በከፊል። የውርርዱ ጽሑፍ ያላለቀ ነው። በሁለት ወረቀት ላይ በየአቅጣጫው የተሞነጫጨረ፣ የተሰረዘና የተደለዘ። በሌሎች ቁርጥራጮች ፓስካል ስለ ሌሎች ሃይማኖቶች የራሱን ምክንያት ያቀርባል። ብዙ አማልክትን ረሳ ማለት ይከብዳል። ግን ሌላ ቦታ መልስ ሰጥቷል ማለት ውርርዱ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ ምሳ ላይ የምንሰማው ደግሞ ብቻውን ነው።

19ኛውና 20ኛው አሁን የሉም። 13ኛውና 6ኛው ተገናኝተው ነበር። ስለ እናትና ስለ ገሃነም የተባለውን አልደግመውም፤ ሁለቱንም ሰርዣለሁ፣ ለሦስት ቀንም አግጃለሁ።

21ኛው መልስ የ1ኛው ሰው ነው። ጃንጥላውን ይዞ ተመለሰ። አሁን የገባው ነገር ጃንጥላው አንድ አለመሆኑ ነው አለ። አንዱን ስትይዝ ሌላው ሰማይ የሚቆጣ ከሆነ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ባለቤቱ በዚህ ክር ምክንያት ራት አብሯት እንዳልበላ እየተናገረች ስለሆነ ሊያቆም መሆኑንም ነገረን።

22ኛዋ የወሎዋ ናት፣ ስለ 6ኛው ይቅርታ ጻፈች። እሷ መሆኗ ገረመኝ። እገዳው ሲያልቅ ማንም እንዳይሰድበው ጠየቀች። አባቷን ስልክ ደውላ ሁለቱንም ቲኬት መግዛት ይቻላል ወይ ብላ ጠይቃቸው ነበር። ቡናው ፈልቷል፣ እናትሽ እየጠራችኝ ነው ብለው ዘጉባት።

23ኛው ትናንት ማታ የገባ አዲስ ሰው ነው። ማመን እንደሚያዋጣ፣ ካለ እንደሚተረፍ፣ ከሌለ ምንም እንደማይጠፋ አስረዳን። መምህር ወደ 4ኛው መልስ ላኩት።